የፒኤልሲ ስካን ዙርና ደብተር የሚያጎድለው ቆጣሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ ማተሚያ ቤቶች የጥራዝ ክፍል ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ቀላል ማሽን እንውሰድ። ተቆርጠው ያለቁ ደብተሮች በኮንቬየር ላይ ተከታትለው ያልፋሉ። ከጎን የተገጠመ የብርሃን ሴንሰር ደብተር ሲያይ 1፣ ክፍተት ሲያይ 0 ይሰጣል። ማሽኑን የሚቆጣጠረው የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ይቆጥርና 50ኛው ሲደርስ ትንሽ የአየር ሲሊንደር ያን ደብተር ወደ ጎን ገፋ ያደርገዋል፤ አሻጊዋ በዚያ ምልክት እሽጉን ታነሳለች። ችግሩ አልፎ አልፎ እሽጉ ውስጥ 51 ደብተር መገኘቱ ነው። ፕሮግራሙ ሲታይ ስህተት የለበትም፤ ሴንሰሩም ደህና ነው።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ይህን ማሽን ይከተላሉ። ለምሳሌነት የያዝነው የሲመንስ ኤስ7-1200 ነው፤ በሌላ ፒኤልሲ የሜኑዎቹ ስም ቢለያይም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ስካን ዙር ማለት ምንድን ነው?

ፒኤልሲ ሥራውን የሚሠራው በዙር ነው። መጀመሪያ ኢንፑቶቹን በሙሉ አንብቦ በማህደረ ትውስታው ውስጥ ይመዘግባል። ቀጥሎ ፕሮግራሙን ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው አንድ በአንድ ያስኬዳል። ሲጨርስ የተገኘውን ውጤት ወደ አውትፑቶቹ ይልካል። በመሃል ከኮምፒውተርና ኤችኤምአይ ከሚባለው የኦፕሬተር ስክሪን ጋር የሚያደርገውን ልውውጥ እያስተናገደ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ይህ አንድ ዙር እንደ ፕሮግራሙ ርዝመት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን ይችላል፤ በርካታ ሚሊ ሰከንድም ሊፈጅ ይችላል። ኤስ7-1200 በዙሩ መጀመሪያ ላይ አውትፑት ጽፎ ወዲያው ኢንፑት ያነባል፤ ሥራው የማያቋርጥ ክብ ስለሆነ ይህ ለእኛ ለውጥ አያመጣም።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ የሚያየው ሽቦውን ሳይሆን በዙሩ መጀመሪያ ላይ የተመዘገበውን ነው። ፒኤልሲው የማሽኑን ፎቶ አንስቶ፣ ፎቶውን እያየ ወስኖ፣ ሌላ ፎቶ እንደሚያነሳ ሰው ነው። በሁለት ፎቶዎች መካከል የሆነውን አያይም።

ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ኢንፑቱ ቢቀየር ምን ይሆናል?

በዚያ ዙር ምንም አይሆንም። ለውጡ እስከሚቀጥለው ንባብ ከቆየ ያን ጊዜ ይታያል። ከንባቡ በፊት ወደነበረበት ከተመለሰ ግን ለፕሮግራሙ ጭራሽ እንዳልተከሰተ ነው። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ የተመዘገበ ነገርም አይኖርም።

ታዲያ 51 ደብተር እንዴት ተገኘ?

ቁጥሮቹን አስቀምጠን እንየው። ኮንቬየሩ በደቂቃ 60 ሜትር ይጓዛል፤ ማለትም በሰከንድ 1 ሜትር። ይህ ፍጥነት ለስሌት ይመቻል፤ 1 ሚሊ ሜትር ለመጓዝ 1 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳልና። ደብተሩ 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ በሁለት ደብተሮች መካከል ሴንሰሩ የሚያየው ክፍተት 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ኢንፑቱ 200 ሚሊ ሰከንድ 1 ይሆናል፤ ከዚያ ለ12 ሚሊ ሰከንድ ብቻ 0 ይሆናል።

ብዙ ጀማሪ ትኩረቱን የሚያሳርፈው 200 ላይ ነው። «ሴንሰሩ ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ነው የሚያየው፤ እንዴት ያመልጠዋል?» ይላል። ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ኢንፑቱ ከ0 ወደ 1 ሲወጣ ነው፤ እንዲወጣ ደግሞ በመሃል 0 ሆኖ መታየት አለበት። ስለዚህ ሊያመልጥ የሚችለው ደብተሩ ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ክፍተቱ ሳይታይ ካለፈ ሁለት ደብተሮች እንደ አንድ ረጅም ደብተር ይቆጠራሉ። ቆጣሪው 50 ሲል በኮንቬየሩ ላይ ያለፈው 51 ነው።

የዚህ ማሽን ስካን በአብዛኛው 4 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ12 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስለሚነበብ ክፍተቱ አያመልጥም። ነገር ግን ፕሮግራሙ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የምርት መዝገብ የሚደምርበት ሉፕ አለው፤ በዚያን ጊዜ ስካኑ ወደ 14 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል። በሁለት ንባቦች መካከል 14 ሚሊ ሰከንድ ካለና ክፍተቱ 12 ከሆነ፣ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ በመሃል ሊገባ የሚችልበት የ2 ሚሊ ሰከንድ መስኮት ተከፈተ ማለት ነው። መስኮቱ በየ1,000 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ጊዜ ይከፈታል። 1,000ን ለ2 ብናካፍል 500 ይመጣል፤ በአማካይ ከ500 ደብተር አንዱ ሳይቆጠር ያልፋል። ከአሥር እሽግ አንዱ 51 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሰልጠኛ ቦርድ ላይ ስሞክረው ግን በትክክል ይቆጥር ነበር። ለምን?

ተግባረ ዕድም ሆነ አምስት ኪሎ በቤተ ሙከራ ቦርድ ላይ ኢንፑት የሚሰጠው በጣት በሚገፋ ስዊች ነው። ሰው ስዊች ከፍቶ ሲዘጋ፣ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ በመቶ ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚለካ ጊዜ ያልፋል። ከ14 ሚሊ ሰከንድ ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ሰፊ ነው። ስለዚህ በጣት የተደረገ ሙከራ የፕሮግራሙን አመክንዮ ያረጋግጣል እንጂ ስለ ጊዜ የሚነግረን ነገር የለም።

በዚሁ ምክንያት አንድ ኦፕሬተር «የስታርት በተኑን ስጫን አንዳንዴ አይቀበልም» ቢል ስካኑን ለመወንጀል አይቸኩሉ። ልቅ ሽቦ፣ ያረጀ ኮንታክት ወይም ያልተሟላ የመነሻ ቅድመ ሁኔታ የመሆን ዕድሉ እጅግ ይበልጣል።

ጥፋቱ የስካኑ፣ የፊልተሩ ወይስ የሴንሰሩ መሆኑን እንዴት ልለይ?

መጀመሪያ ስህተቱ ወደየት እንደሚያደላ ይዩ። በስካን ምክንያት የሚመጣ ስህተት ሁልጊዜ ያጎድላል፤ በፍጹም አይጨምርም። ቆጣሪው አብዝቶ ከቆጠረ፣ ማለትም እሽጉ 49 ወይም 48 ከሆነ፣ ስካኑ ነጻ ነው። የሚያብረቀርቅ የደብተር ሽፋን ብርሃኑን እየበተነው፣ ወይም ሴንሰሩ በማሽኑ ንዝረት እየተወዛወዘ፣ በአንድ ደብተር ላይ ሁለት ጊዜ እየበራ ነው።

ቀጥሎ ፍጥነቱን ይለዋውጡ። ኮንቬየሩን በደቂቃ ወደ 30 ሜትር ዝቅ ሲያደርጉት ክፍተቱ 24 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን ስህተቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ወደ 80 ሜትር ሲያሳድጉት ክፍተቱ 9 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ መስኮቱ ከ2 ወደ 5 ይሰፋል፤ ስህተቱም ከ500 አንድ ወደ 200 አንድ ይወጣል። የሚታየው ለውጥ ለዚህ የቀረበ ከሆነ ጥፋቱ ስካኑ ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

ፊልተሩ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በእያንዳንዱ ኢንፑት መግቢያ ላይ፣ ሲግናሉ ገና ወደ ስካኑ ሳይደርስ፣ አጭር ሁከትን የሚያጠራ ፊልተር አለ። በኤስ7-1200 ላይ ካልነኩት 6.4 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ያጠረ ለውጥ አያልፍም። የእኛ ክፍተት 12 ስለሆነ በደህና ያልፋል። ኮንቬየሩ በደቂቃ ከ112 ሜትር በላይ ሲሄድ ግን ክፍተቱ ከ6.4 ያንሳል፤ ያኔ የሚጠፋው አንድ ሁለት ክፍተት ሳይሆን ሁሉም ነው። ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ አልፎ አልፎ የሚያጎድል ቆጣሪ ወደ ስካኑ ይጠቁማል፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ፈጽሞ የሚቆም ቆጣሪ ወደ ፊልተሩ ይጠቁማል። ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ የፍለጋ ሰዓት ያተርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በፒኤልሲው ላይ ያለችውን የኢንፑት መብራት ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን `Watch table` አይተው አይፍረዱ። ለ12 ሚሊ ሰከንድ የጠፋ መብራት በዓይን አይለይም፤ `Watch table` ደግሞ ከስካኑ በጣም በዘገየ ፍጥነት ነው የሚታደሰው።

ፊልተርና ስካን ይደመራሉ?

ብዙ መመሪያዎች ሲግናሉ ከሁለቱ ድምር መርዘም አለበት ይላሉ። ይህ አስተማማኝ ልክ ነው፤ እንዲይዙትም እንመክራለን። በትክክል ካየነው ግን ሁለቱ ተከታታይ ወንፊቶች ናቸው። ሲግናሉ መጀመሪያ ከፊልተሩ፣ ቀጥሎ ከስካኑ መርዘም አለበት። ፊልተሩ መውጣቱንና መውረዱን እኩል ካዘገየ የ12 ሚሊ ሰከንዱ ክፍተት ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አያጥርም። በአንዳንድ ኢንፑት ካርዶችና ሴንሰሮች ግን የመብራትና የመጥፋት መዘግየቱ እኩል ስላልሆነ ክፍተቱ ሊጠብብ ይችላል። ድምሩን መያዝ ከዚህ ይጠብቃል።

ስካኑ ስንት እንደሆነ የት አያለሁ?

ከፒኤልሲው ጋር ኦንላይን ሆነው `Online & diagnostics` ይክፈቱና በ`Diagnostics` ሥር ያለውን `Cycle time` ይምረጡ። አጭሩን፣ የአሁኑንና ረጅሙን ያሳያል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ረጅሙ ብቻ ነው። የአሁኑን 4 አይቶ «ፈጣን ነው» ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ደብተር የሚያጎድለው ያ አንድ 14 ነውና።

ረጅሙን ሲያነቡ ማሽኑ እውነተኛ ሥራውን እየሠራ መሆን አለበት። ኤችኤምአዩ በርቶ፣ ሪፖርቱ እየተመዘገበ፣ ሌሎቹም መሣሪያዎች ተገናኝተው ማለት ነው። ማሽኑ ቆሞ የተለካ ስካን ያሳስታል። በነገራችን ላይ ስካኑ ከመጠን በላይ ሲረዝም የሚከታተል ሰዓት አለ፤ በኤስ7-1200 ላይ ካልተቀየረ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። የእኛ 14 ከዚያ በጣም ሩቅ ስለሆነ ፒኤልሲው አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ስካኑን ማሳጠር ይቻላል?

አዎ፤ መጀመሪያ የሚሞከረውም ይህ ቢሆን ጥሩ ነው። ስካን የሚያረዝሙት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዙር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከሩ `FOR` ሉፖች፣ የጽሑፍ ማቀናበሪያዎችና መረጃ መመዝገቢያዎች ናቸው። በእኛ ማሽን ሉፑ በየሰከንዱ 400 መዝገቦችን በአንድ ትንፋሽ ይደምራል እንበል። ያንኑ ሥራ በአንድ ዙር 20 መዝገብ እየደመረ በ20 ዙር ቢጨርሰው ማንም ልዩነቱን አያውቀውም፤ 10 ሚሊ ሰከንድ የነበረው ጭማሪ ግን ለእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የስካኑ ርዝመት ከ5 በታች ሲወርድ የ12 ሚሊ ሰከንዱ ክፍተት አያመልጥም።

ጉድለቱ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ አዲስ ሉፕ ሲጨምር ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ቆጠራው ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ከስካኑ ነጻ የሆነውን መንገድ፣ ማለትም ከታች የተጠቀሰውን ፈጣን ቆጣሪ፣ እንመርጣለን።

የፕሮግራም መስመሮች ቅደም ተከተል ቆጠራውን ሊቀይር ይችላል?

በጣም። የሚከተለው ከ0 ወደ 1 መውጣትን የሚይዝ የተለመደ አጻጻፍ ነው፦

```
#pulse := "Eye" AND NOT #eyeOld;
#eyeOld := "Eye";
IF #pulse THEN
    #count := #count + 1;
END_IF;
```

ደብተሩ በመጣበት ዙር `"Eye"`፣ ማለትም የሴንሰሩ ኢንፑት፣ 1 ነው፤ `#eyeOld` ግን ካለፈው ዙር የቀረ 0 ነው። ስለዚህ `#pulse` ይበራና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። በሁለተኛው መስመር `#eyeOld` 1 ስለሆነ በሚቀጥለው ዙር `#pulse` ይጠፋል። ደብተሩ ከሴንሰሩ ፊት ቢቆም እንኳ የተቆጠረው አንድ ጊዜ ነው።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ቦታ ብቻ ይለዋውጡ፦

```
#eyeOld := "Eye";
#pulse := "Eye" AND NOT #eyeOld;
```

ቃላቱ አልተቀየሩም፤ ቆጣሪው ግን ለዘላለም 0 ላይ ይቀራል። ንጽጽሩ ላይ ሲደረስ `#eyeOld` የአሁኑን ዋጋ አስቀድሞ ስለወሰደ ሁለቱ በፍጹም ሊለያዩ አይችሉም። የስካኑን አሠራር የገባው ሰው ይህን ስህተት በአንድ እይታ ያገኘዋል፤ ያልገባው ሰው ሴንሰር ሲቀይር ይውላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። `#eyeOld` ካለፈው ዙር የቀረውን ዋጋ እንዲያስታውስ `Static` ሆኖ መመዝገብ አለበት። `Temp` ከሆነ በየዙሩ ይዞ የሚገኘው ዋጋ የማይታመን ስለሆነ ቆጠራው ትርጉም ያጣል።

ላደር በሚባለው ሥዕላዊ የፕሮግራም አጻጻፍ ደግሞ ተደጋግሞ የሚታየው አንድን አውትፑት በሁለት ቦታ በኮይል መጻፍ ነው። አውትፑቱ የሚላከው ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከታች ያለው ኮይል የላይኛውን ይሽረዋል። የላይኛው ራንግ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ እየታየ ሲሊንደሩ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ስካኑን ሳልጠብቅ ኢንፑቱን በቀጥታ ባነበውስ?

ይቻላል። ከስሙ ኋላ `:P` ሲጨመር፣ ለምሳሌ `"Eye":P`፣ ፒኤልሲው የተመዘገበውን ትቶ ኢንፑቱን በዚያች ቅጽበት ያነበዋል። ነገር ግን ፊልተሩን አያልፈውም፤ ሁለተኛ ደግሞ አዲስ ችግር ይዞ ይመጣል። በአንድ ዙር ውስጥ ያው ኢንፑት ከላይ 0፣ ከታች 1 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ከላይ «ደብተር የለም» ብሎ የወሰነ ፕሮግራም ከታች «ደብተር አለ» ብሎ ሌላ ውሳኔ ይሰጥና ሁለቱ ይጋጫሉ። የኢንፑቶች መዝገብ የተፈጠረው ይህን ለማስቀረት ነው። `:P` የሚያስፈልግዎት ከሆነ በዙሩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው በተለዋዋጭ ያስቀምጡት፤ ሌላው መስመር በሙሉ ያንን ይጠቀም።

ፈጣን ቆጣሪ ምንድን ነው? እንዴት ይከፈታል?

ኤችኤስሲ የሚባለው ፈጣን ቆጣሪ በፒኤልሲው ውስጥ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ራሱን ችሎ የሚቆጥር ክፍል ነው። ስካኑ 4 ይሁን 40 እሱን አይመለከተውም። ሴንሰሩን `%I0.0` ላይ ያስገቡ። በ`Device configuration` ውስጥ የሲፒዩውን `Properties` ከፍተው በ`High speed counters (HSC)` ሥር `HSC1`ን `Enable this high speed counter` በሚለው ያስነሱት። የቆጠረው ቁጥር `%ID1000` ላይ ይገኛል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ ኤችኤስሲም የሚቆጥረው ከፊልተሩ ያለፈውን ብቻ ነው። ፊልተሩ 6.4 ላይ ከተተወ ፈጣን ቆጣሪ መክፈቱ ብቻውን አያድንም። ለእኛ ማሽን `%I0.0`ን ወደ 1.6 ሚሊ ሰከንድ ማውረድ ይበቃል። ጨርሶ ወደ ማይክሮ ሰከንድ አይውረዱ፤ ፈጣን ቆጣሪ የሴንሰሩን መንቀጥቀጥና ከኢንቨርተር የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሁከትም ሳይለይ ይቆጥራልና። ያኔ 51 የነበረው እሽግ 47 ይሆናል።

መብራት ሲሄድ ቆጣሪው ከመጀመሪያው ስለሚነሳ ጠቅላላ ድምሩን ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል፦

```
#now := "HSC_1";
"Total" := "Total" + (#now - #old);
#old := #now;
```

እዚህ ላይ `"HSC_1"` ለ`%ID1000` የተሰጠ ስም ነው። `"Total"` መብራት ሲሄድም ዋጋውን እንዲይዝ `Retain` ይሁን፤ `#old` ግን አይሁን። `#old` የቀድሞውን ዋጋ ይዞ ከተነሳ ቆጣሪው ከ0 ሲጀምር ልዩነቱ ኔጌቲቭ ይሆንና ከድምሩ ላይ ይቀንሳል።

ትንሽ ሥራ ብቻ ለሚፈልግ ሰው `Pulse catch` የሚባል ምርጫም አለ። አጭር ለውጥን ይዞ እስከሚቀጥለው ንባብ ያቆየዋል። እሱም ከፊልተሩ ኋላ ነው የሚሠራው፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ክፍተት ካለፈ ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ለእኛ 12 ሚሊ ሰከንድ ግን ይበቃል።

ቆጠራው ተስተካክሏል፤ ሲሊንደሩ ግን አንዳንዴ ደብተሩን ጫፉ ላይ ይመታዋል። ለምን?

ይህም የስካን ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በአውትፑቱ በኩል። ደብተሩ ሴንሰሩ ፊት ከደረሰ በኋላ 6.4 ሚሊ ሰከንድ በፊልተር ያልፋል። ከንባቡ ትንሽ ቀድሞ ከደረሰ አንድ ዙር፣ 4 ሚሊ ሰከንድ፣ ጠብቆ አውትፑቱ ይጻፋል፤ ጠቅላላው 10.4 ነው። ንባቡ ካለፈ በኋላ ከደረሰ ግን አንድ ሙሉ ዙር ለመነበብ፣ ሌላ ዙር ለመፈጸም ይጠብቃል። ከሁለቱ ዙሮች አንዱ ረጅሙ ከሆነ 6.4፣ 14 እና 4 ተደምሮ 24.4 ይሆናል። በመካከላቸው ያለው 14 ሚሊ ሰከንድ በኮንቬየሩ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ምት በዚያ ስፋት ውስጥ ይዋዥቃል። አውትፑቱ የሪሌ ከሆነ ኮንታክቱ እስኪዘጋ ድረስ እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ሊጨመር ይችላል፤ ቫልቩና አየሩም የራሳቸው መዘግየት አላቸው።

መዘግየትንና መዋዠቅን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሁልጊዜ 30 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ ማሽን ሴንሰሩን 30 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ በማዛወር ይስተካከላል። አንዴ 10 አንዴ 24 የሚሆነውን ግን የትም ቦታ ብናደርገው አንይዘውም። መፍትሔው ረጅሙን ስካን ማሳጠር ነው፤ ካልሆነ ኤችኤስሲው 50 ሲደርስ ዋናውን ፕሮግራም አቋርጦ የሚገባ ብሎክ፣ ማለትም ኢንተራፕት፣ እንዲያስነሳ ማድረግና በዚያ ብሎክ ውስጥ የሲሊንደሩ አውትፑት በሆነው `"Kicker":P` ላይ በቀጥታ መጻፍ ነው። ይህን ሲያደርጉ ያንኑ አውትፑት በዋናው ፕሮግራም ውስጥ በኮይል እንዳይጽፉት፤ ዙሩ ሲያልቅ ይሽረዋል። አውትፑቱንም የትራንዚስተር ያድርጉት።

ታይመሮችስ በስካን ይነካሉ?

ይነካሉ። ታይመር መድረሱ የሚታወቀው መስመሩ ሲነበብ ነው። ራሱን እየመለሰ በየ1 ሰከንዱ የሚመታ `TON` የሚባል ታይመር ሠርተው ስካኑ 4 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ሲደርስ አንድ ዙር ለመመለስ፣ ሌላ ዙር እንደገና ለመነሳት ያጠፋል። እያንዳንዱ ሰከንድ ቢያንስ 1.008 ይሆናል፤ በሰዓት ውስጥ 29 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓት መቁጠር ከፈለጉ የፒኤልሲውን የራሱን ሰዓት ይጠቀሙ።

የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ኢንፑት ላይ ማስገባት ይበቃል?

አይበቃም። ፕሮግራሙ በማንኛውም ምክንያት ቢዘገይ ወይም ቢቆም ማቆሚያው መሥራት አለበት። የኮንቬየሩ ኮንታክተር ኃይል በሴፍቲ ሪሌ በኩል በሽቦ ይቆረጥ፤ ወደ ፒኤልሲው የሚመጣው ሽቦ ማሽኑ መቆሙን ለማሳወቅ ብቻ ይሁን።

ከጥገናው በኋላ ስንት ደብተር ብቆጥር ነው የምተማመነው?

500 አይበቃም። ስህተቱ በአማካይ ከ500 አንድ ከነበረ፣ ምንም ሳይጠገን እንኳ 500 ደብተር ያለ ስህተት ሊያልፍ የሚችልበት ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው። በ2,000 ደብተር ይህ ዕድል ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። 2,000 ማለት 40 እሽግ ነው፤ በዚህ ፍጥነት በሰባት ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ኤችኤምአዩና ሪፖርቱ በርተው፣ ማሽኑ በሚሠራበት ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ያስኬዱት። እሽጎቹን አንድ በአንድ በእጅ ያስቆጥሩ፤ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ካዩ አንድ 51 እና አንድ 49 ተጣፍተው ሊያመልጡ ይችላሉ። ሙከራው ሲያልቅ `Cycle time`ን ከፍተው የረጅሙን ስካን ቁጥር ከቀኑ ጋር በፓነሉ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ይለጥፉ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን የሚነካ ባለሙያ ከምን እንደተነሳ ያውቃል።